አራት ሰዓት ገደማ

እናቴን "እማዬ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የወለድሽኝ?" ብዬ የጠየቅኳት ሠላሳ ዓመት ልሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው። ከዚያ በፊት ጠይቄያት አላውቅም። ቀኑን አውቀዋለሁ፦ ረቡዕ፣ የካቲት 6 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ። ሰዓቱ ግን ለማንም ምንም አያደርግም ነበር። መታወቂያ ላይ አይጻፍም፣ ፓስፖርት ላይም የለም። ሰዓቱን የፈለገው አንድ የስልክ አፕ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በምሳ ሰዓት ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልኳን ይዛ "ካይሮንሽ የት ነው?" አለችኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም አልኳት። "የድሮ ቁስልሽን የሚያሳየው እሱ ነው። በየትኛው ኮከብ እንዳለ ቁስሉ ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግርሻል፤ በየትኛው ቤት እንዳለ ደግሞ የትኛው የሕይወትሽ ክፍል ላይ እንደሚያምሽ።" ሳቅኩባት። ማታ ግን ብቻዬን ስሆን አፑን አወረድኩት። የልደት ቀኔን፣ ከተማዬን፣ ከዚያ ሰዓቱን። አክስቴ አንድ ጊዜ "አራት ሰዓት ገደማ" ስትል ሰምቻለሁና 4:00 ብዬ ጻፍኩ።

"ካይሮን በሚዛን፣ በዘጠነኛው ቤት" አለኝ። ከሥር ያለውን ማብራሪያ አነበብኩ። ዘጠነኛው ቤት የሩቅ አገር፣ የእምነትና የከፍተኛ ትምህርት ቤት ነው ይላል። ቁስልሽ ከሩቅ አገር ጋር የተያያዘ ነው፤ ሩቅ ቦታ አንድ ነገር ወስዶብሻል ይላል። እናቴ ቤይሩት ለሥራ የሄደችው አምስት ዓመቴ ላይ ነው። የተመለሰችው አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

የምጽፈው ስለዚያ ለቅሶና እሱ ስላስከተለው ጥያቄ ነው። ሰው ቁስሉን ሰማይ ላይ ተስሎ ካገኘው፣ ምድር ላይ ያቆሰለውን ሰው ምን ያደርገዋል?

መጀመሪያ ግን ካይሮን ራሱ ምንድን ነው? በሳተርንና በዩራነስ መካከል የሚዞር ትንሽ የሰማይ አካል ነው። ቻርልስ ኮዋል የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ በፓሎማር ተራራ የተነሱ ፎቶዎችን ሲመረምር አገኘው። ሲገኝ አስትሮይድ ነው ተባለ፤ ቆይቶ ደግሞ እንደ ጅራታም ኮከብ ጋዝና አቧራ ሲለቅ ታየ። ስለዚህ ዛሬ በሁለቱም መዝገብ አለ። ስሙን የሰጠው ኮዋል ነው። ከግሪክ ተረት ነው የወሰደው፤ ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ፈረስ ከሆኑት ሴንታውሮች መካከል ጥበበኛው ካይሮን ይባል ነበር።

ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው። የሳተርንን ትርጉም ኮከብ ቆጣሪዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲቀባበሉት ኖረዋል። የካይሮን ትርጉም ግን ከእናቴ በዕድሜ ያንሳል። መጀመሪያ ድንጋዩ ተገኘ፣ ከዚያ ስም ወጣለት፣ ከዚያ ኮከብ ቆጣሪዎች ከስሙ ተረቱን፣ ከተረቱ ደግሞ ትርጉሙን አወጡ። ሜላኒ ራይንሃርት እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመችው ስለ ካይሮንና ስለ ፈውስ ጉዞ የሚናገር መጽሐፍ ዛሬ በየአፑ ለምናነበው ነገር ትልቅ መሠረት ነው። "የቆሰለው ፈዋሽ" የሚለው ሐሳብ ደግሞ ከሥነ ልቦና ሊቁ ከካርል ዩንግ በኩል የመጣ ነው። ስለዚህ ይህን ካርታ የምናነብ ሰዎች፣ የምናነበው በዋናነት አንድ ተረት መሆኑን ብናውቅ ጥሩ ነው። ተረት መሆኑ ዋጋ አያሳጣውም። ግን ተረቱን በደንብ ማወቅ ይኖርብናል ማለት ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ኮከቡ። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያልን የምንጠራቸው አሥራ ሁለቱ ኮከቦች በአውደ ነገሥትም ያሉት ናቸው፤ አሠራሩ ነው የሚለየው። በአውደ ነገሥት ኮከብህ የሚወጣው ከስምህና ከእናትህ ስም ፊደላት ነው። በዚህኛው ግን ከተወለድክበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ነው። አንድ የሚያገናኛቸው ነገር አለ፦ በሁለቱም እናትህን ሳትጠይቅ አይሆንም። እዚያ ስሟን ትሰጥሃለች፣ እዚህ ትዝታዋን።

ካይሮን ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር ሃምሳ ዓመት ያህል ይፈጅበታል። መንገዱ ክብ አይደለም፤ በጣም የተለጠጠ ነው። ወደ ፀሐይ ሲጠጋ ይፈጥናል፣ ሲርቅ ያዘግማል። ስለዚህ በአንዱ ኮከብ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ያልፋል፣ በሌላው ስምንት ዓመት ይቀመጣል። ለፀሐይ በጣም የቀረበው እኔ በተወለድኩበት በየካቲት 1988 ነበር፤ ያኔ ሚዛን ውስጥ እየሮጠ ነበር። በእኛ አቆጣጠር 1988ን እና 1989ን፣ በመሃል ሦስት ወር ያህል ወደ አቅራብ ገባ ብሎ ከመመለሱ በስተቀር፣ ሚዛን ውስጥ ነው ያሳለፈው። ሐመል ላይ ግን ከሚያዝያ 2010 ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል ተቀመጠ።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ካይሮን በሐመል ያለበት ሰው ቁስሉ "እኔ የመኖር መብት አለኝ ወይ?" የሚል ነው ይባላል። እንግዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ በዓለም ላይ የተወለዱ ሕፃናት በሙሉ ይህንን ቁስል ይጋራሉ ማለት ነው። የእኔው ሚዛን ደግሞ የግንኙነትና የፍትሕ ቁስል ነው ይባላል፦ ሰው እንዳይቀየምህ ብለህ የራስህን ድርሻ የምትተው፣ የሌሎችን ጠብ የምታስታርቅ፣ ለራስህ ግን መከራከር የማትችል። በአክስቴ ቤት ያደግኩትን እኔን በትክክል ይገልጸኛል። ግን ሁለተኛ ደረጃ አብረውኝ የተማሩትን ልጆች ግማሹንም መግለጽ አለበት። አንዳንዶቹን አስታውሳለሁ፤ ለራሳቸው መከራከር እንዴት ያውቁበት እንደነበር! ጥንቃቄ ያላቸው ኮከብ ቆጣሪዎችም ይህንን ያውቁታል። ኮከቡ የትውልድ ነው፣ የአንተ የሆነው ቤቱ ነው ይላሉ። ካርታው የግል የሚሆነው በቤቱ ነው።

ቤቱ ደግሞ በሰዓት ላይ የቆመ ነው። ሰማዩ በሃያ አራት ሰዓት አንድ ጊዜ የሚዞርብን ስለሚመስል፣ ካይሮን ኮከቡን ሳይለውጥ በአንድ ቀን ውስጥ በአሥራ ሁለቱም ቤቶች ያልፋል። ለአንድ ቤት በአማካይ ሁለት ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ቤት የሚጀምረው በተወለድክበት ደቂቃ በምሥራቅ አድማስ ላይ ከወጣው ነጥብ ነው፤ ያ ነጥብ በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ይራመዳል። ስለዚህ ሰዓቱ ከተሳሳተ ቤቱም ይሳሳታል።

የእኔ ተሳስቶ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ በድንገት ገባኝ። አክስቴ "አራት ሰዓት" ያለችው በእኛ ሰዓት ነው፤ የጠዋቱ አራት። አፑ ግን 4:00 ሲባል ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው የሚገባው። 10:00 ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። የስድስት ሰዓት ስህተት፣ ሦስት ሙሉ ቤት። ይህን ጽሑፍ እያነበበ ቻርቱን ያወጣ ሀበሻ ካለ፣ እባክህ ሂድና ሰዓትህን እይ። ቀኑንም እይ፤ ስምንቱን ዓመት የረሳ ሰው ካይሮኑ ሌላ ኮከብ ላይ ነው የሚገኘው።

አስተካከልኩት። "ካይሮን በሚዛን፣ በስድስተኛው ቤት።" ስድስተኛው ቤት የዕለት ሥራ፣ የአገልግሎትና የጤና ቤት ነው። ቁስልሽ ከማገልገል ጋር የተያያዘ ነው፣ እስክትታመሚ ትሠሪያለሽ፣ ማረፍ ጥፋት ይመስልሻል ይላል። እናቴ የሰው ቤት አገልጋይ ነበረች። እኔ ደግሞ ጨጓራዬን እስኪልጠኝ ድረስ እሠራለሁ፤ ቅዳሜን ማረፍ አልችልም። ይህኛው ከበፊቱም በላይ ልክ ነበር! ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ። ያለቀስኩበት ዘጠነኛው ቤት እኮ የእኔ አልነበረም። ታዲያ በማን ቁስል ነው ያለቀስኩት?

እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው እናቴ ጋ የደወልኩት።

"ስንት ሰዓት? ምን ልታደርጊበት ነው?" አለችኝ። ለሆነ ፎርም ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። "አራት ሰዓት አልሞላም ነበር። ከጤና ጣቢያው አጠገብ ትምህርት ቤት አለ፤ የልጆቹ የዕረፍት ደወል አራት ሰዓት ላይ ነው የሚደወለው። አንቺን ታቅፌሽ፣ ታጥበሽ፣ ተጠቅልለሽ ነው ደወሉን የሰማሁት። እንግዲህ ሦስት ተኩል በዪው።"

ሦስት ተኩል። 9:30 ብዬ አስገባሁ። "ካይሮን በሚዛን፣ በሰባተኛው ቤት።" ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ካይሮን በምዕራብ አድማስ ላይ እየጠለቀ ነበር። ከአድማሱ በላይ ከሆነ ሰባተኛ ቤት ነው፣ ከታች ከሆነ ስድስተኛ። ሰባተኛው ቤት የትዳር፣ የፍቅርና የጥንድ ቤት ነው። ትቶኝ ይሄዳል ብለሽ ስለምትፈሪ ከምትወጂው ሰው ምንም አትጠይቂም ይላል። ከሁለት ዓመት በፊት የተለየኝ ልጅ በመጨረሻው ቀን ያለኝ "አንድ ቀን እንኳን ና ብለሽኝ አታውቂም" ነበር።

ዘጠኝ፣ ስድስት፣ ሰባት። ሦስቱም እኔ ነበርኩ።

እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የባሕርይ ፈተና ሰጠ። ከሳምንት በኋላ ለእያንዳንዳቸው "ይህ የአንተ ውጤት ነው" ብሎ አንድ ገጽ አደላቸው፤ ምን ያህል ይገልጽሃል ብሎም ከአምስት ነጥብ እንዲሰጡት ጠየቀ። አማካዩ ከአራት በላይ ሆነ። ጽሑፉ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ አረፍተ ነገሮቹን የሰበሰበውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ተማሪዎቹ ሞኞች ስለሆኑ አይደለም። ሰው በስሙ የተሰጠውን ነገር ሲያነብ ክፍተቱን ከራሱ ሕይወት ይሞላዋል። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግኩት። "ሩቅ አገር" ሲለኝ ቤይሩትን ሞላሁበት፣ "አገልግሎት" ሲለኝ ጨጓራዬን፣ "ጥንድ" ሲለኝ የሄደውን ልጅ።

አንድ ኮከብ ቆጣሪ ይህንን ቢሰማ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፦ "አየሽ፣ ሦስቱም የአንድ ቁስል ገጽታዎች ናቸው።" ይሆናል። ግን የትኛውም ቤት ቢወጣልኝ ልክ የሚሆን ከሆነ፣ ቁስሉን ያገኘው ካርታው አይደለም ማለት ነው። እኔው ነኝ ያገኘሁት። ካርታ ስንል እኮ ሊሳሳት የሚችል ነገር ማለታችን ነው። ወንዝ አለ ባለበት ወንዝ ከሌለ "ይህ ካርታ ውሸት ነው" እንላለን። ስለዚህ ለማንም ሰው የምመክረው አንድ መፈተኛ አለ። ያንተን ከማንበብህ በፊት የሌላ ቤት ማብራሪያ የራስህ ነው ብለህ አንብበው። እሱም ካስለቀሰህ፣ ያስለቀሰህ ሰማዩ አይደለም።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ጨርሼ "ውሸት ነው፣ ተውት" ብል ይቀለኝ ነበር። ግን ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

እናቴ ስለ ደወሉ ከነገረችኝ በኋላ ማውራቷን ቀጠለች። ሰዓት ጠይቄ የሰዓት ታሪክ ከፈትኩባት መሰለኝ። ስወለድ ማን እንደነበረ፣ ማን ገንፎ እንዳመጣ፣ አባቴ ምን ብሎ እንደቀረ። ከዚያ ሳላስበው "ለመስከረም እመጣለሁ ብዬሽ የቀረሁበትን ጊዜ ታስታውሺዋለሽ?" አለችኝ።

አስታውሰዋለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አዲስ ቀሚስ ተገዝቶልኝ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ትመጣለች ተብሎ፣ አልመጣችም። ማንም ምክንያቱን አልነገረኝም። በአክስቴ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ደመደምኩ፦ ድምፄ ስለሚበዛ ነው። ዝም ያለች፣ የማታስቸግር፣ ሰው የምታስታርቅ ልጅ ከሆንኩ ትመጣለች። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ እያስታረቅኩ።

"ቲኬት ልትቆርጥልኝ ቃል ገብታልኝ ነበር" አለች እናቴ። "ማዳም። ኮንትራቴን ስጨርስ ፓስፖርቴን ስጪኝ አልኳት። የገባሁ ቀን ነው ተቀብላኝ መሳቢያ ውስጥ የቆለፈችበት። 'ሌላ ሠራተኛ እስካገኝ' አለችኝ። ሁለት ዓመት ተጨመረብኝ። ላንቺ በስልክ ምን ልበልሽ? ልጅ ነሽ። ካርዱም ያልቃል።"

ምንም ማለት አልቻልኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁስሌን እኔው ጥፋተኛ ሆኜ ስሸከመው፣ በኋላም ለሰማዩ ሳስረክበው፣ አንዲት የቤይሩት ሴት ያቺን ቁልፍ ኪሷ ውስጥ ይዛ ነበር። ከእሷ ጀርባ ደግሞ ሕግ አለ። የቤት ሠራተኛዋን ቆይታ ከአንድ አሠሪ ፈቃድ ጋር የሚያስረው፣ ካፋላ የሚባለው ሥርዓት አለ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። ይህ ዘጠነኛ ቤት አይደለም። ስድስተኛም አይደለም። አንድ መሳቢያና አንድ አንቀጽ ነው።

አማርኛችን እዚህ ላይ የሚረዳን ነገር አለው። "አመመኝ" ስንል ያመመን ማን ነው? ማንም አይደለም። "ራበኝ"፣ "በረደኝ"፣ "ጨነቀኝ" እንደምንለው ነው፤ አድራጊ የለም፣ ነገሩ ደርሶብናል። "ጎዳችኝ" ስንል ግን ቃሉ ውስጥ አንዲት ሴት አለች። ስሟን ባንጠራ እንኳን ፊደሉ ይጠቁማታል። የካይሮን ካርታ የሚያደርገው ትልቁ ነገር "ጎዳችኝን" ወደ "አመመኝ" መለወጥ ነው። ሰባተኛው ቤት ላይ ያመኛል፣ በቃ።

ይህ ለውጥ አንዳንዴ ምሕረት ነው። ማን እንደጎዳው እያወቀ ከዚያ ስም መላቀቅ ላልቻለ ሰው፣ ቁስሉን ለትንሽ ጊዜ ከስሙ ለይቶ ማየት እረፍት ይሰጠዋል። ለእኔም አደረገልኝ። "እማዬ ትታኝ ሄደች" ማለት ሃያ ዓመት አልቻልኩም፤ ነውር ነው፣ ለእኔ ብላ እኮ ነው የሄደችው። "ካይሮኔ ዘጠነኛ ቤት ነው" ማለት ግን ነውር የለበትም። በዚያ በኩል ነው ያለቀስኩት። ደውዬ "ለምን ቀረሽ?" ማለት አልችልም ነበር፤ "ስንት ሰዓት ተወለድኩ?" ማለት ግን ቻልኩ።

እዚያው መቅረት ግን አደጋ አለው። የሚባለው ተረት ታውቃላችሁ፦ የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳ። ቁስሉ በልደቴ ደቂቃ ተጽፎ ነበር ካልኩ፣ የወጋው ሰው እንዲረሳ እኔው ረዳሁት ማለት ነው። ይባስ ብሎ "ነፍስሽ ይህንን ትምህርት መርጣ ነው የመጣችው" የሚል አነጋገር አለ፤ ካይሮን ባለበት ገጽ ሁሉ ታገኙታላችሁ። እስቲ ይህንን እናቴ ፊት ተናገሩት። የፓስፖርቷ መቆለፍ የልጇ ነፍስ የመረጠችው ትምህርት ነበር በሏት። በዚያች ረቡዕ ጠዋት፣ በዚያች ግማሽ ሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ የተወለዱ ሌሎች ልጆችም አሉ። ቻርታቸው ከእኔ ጋር አንድ ነው። የእናቶቻቸው ፓስፖርት ግን አልተቆለፈም።

አሁን ወደ ተረቱ። ፈውስ የሚባለው ነገር በካይሮን ታሪክ ውስጥ እኛ እንደምናስበው አይደለም። ካይሮን ሁለት ጊዜ ነው የቆሰለው። አባቱ ክሮኖስ በፈረስ አምሳል ሆኖ ፊሊራ ከምትባል ሴት ወለደው። ፊሊራ ግማሽ ፈረስ የሆነውን ልጇን ስታይ ደነገጠች፤ ከእሱ ጋር ከመኖር ሌላ ፍጥረት አድርጉኝ ብላ ለመነች፣ ዛፍ ሆና ቀረች። ይህ የመጀመሪያው ቁስል ነው። እናቱ ልታየው አልፈለገችም። ካይሮን ግን አደገ፤ ሕክምና፣ ሙዚቃና አደን ተማረ፣ አስተማረም። አስክሌፒዮስ የሚባለው የሕክምና አምላክና ጀግናው አኪለስ የእሱ ተማሪዎች ናቸው።

ሁለተኛው ቁስል የወዳጅ ነው። ሄርኩለስ በወይን ጠጅ ሰበብ ከሌሎች ሴንታውሮች ጋር ተጣልቶ ቀስት ሲወረውር፣ ሃይድራ በምትባለው እባብ መርዝ የተነከረው ቀስት ካይሮንን አገኘው። ሄርኩለስ እሱን ለመውጋት አላሰበም። ግን ቀስቱ የሄርኩለስ ነው፤ ተረቱ ይህንን አልደበቀም። ካይሮን አይሞትም፣ አማልክት ወገን ነውና። ቁስሉም አይድንም። የሰውን ሁሉ በሽታ የሚያውቀው ሐኪም የራሱን አላዳነም። በመጨረሻ የማይሞት መሆኑን ለፕሮሜቴዎስ ነፃነት ሲል ለቀቀና ሞተ።

ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቁስሉ ጥበበኛ አላደረገውም። ጥበበኛ የነበረው ቀስቱ ሳያገኘው በፊት ነው። "ቁስልህ ስጦታህ ነው" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በየቦታው እናነባለን፤ ተረቱ ግን እንደዚያ አይልም። ተረቱ የሚለው፦ የማይድን ቁስል አለ፣ አድራጊው ይታወቃል፣ የቆሰለው ሰውም ለሌላ ሰው የሚሰጠው ነገር ሊኖረው ይችላል። ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ ለሌላው ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ "የፈውስ ሥራ" የሚባለውን ነገር እኔ አሁን እንዲህ ነው የምረዳው። ኮከብ ቆጣሪዎች ለሰባተኛው ቤት የሚሰጡት ሥራ መጥፎ አይደለም። ከምትቀርበው ሰው አንድ ነገር ጠይቅ፤ ትንሽ ነገር ይሁን፣ ግን በግልጽ፣ እምቢ ሊባል በሚችልበት መንገድ። ሠርቼዋለሁ። አክስቴን "ያኔ እማዬ ለምን እንደቀረች ታውቂ ነበር?" ብዬ ጠየቅኳት። ታውቅ ነበር። "እንዳታለቅሺ ብዬ ነው" አለችኝ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ "ብትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር፣ እትዬ" አልኳት። አላስታረቅኩም፤ "ግድ የለም" አላልኩም። ሁለታችንም ዝም ብለን ቡናችንን ጠጣን። አሁንም ትንሽ ተቀያይመናል።

ግን ያ ሥራ የሠራው ሰባተኛ ቤት ስለነበርኩ አይደለም። ለስድስተኛው ቤት የሚታዘዘው ማረፍም ይጠቅመኝ ነበር፤ ለዘጠነኛው የሚታዘዘው የራስን እምነት መመርመርም። የሠራው፣ በመጨረሻ "አመመኝ" የሚለውን ትቼ ዓረፍተ ነገሩን ከነባለቤቱ ስለተናገርኩት ነው። ማዳም ፓስፖርቱን ቆለፈችበት። አክስቴ ደበቀችኝ። እማዬ ቃል ሰጥታ ቀረች፣ ስላልቻለች። እነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ክብደታቸው አንድ አይደለም። አንዷን ይቅር ማለት እችላለሁ፣ አንዷን ብያለሁ፣ አንዷ ደግሞ ይቅርታ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ብትጠይቅም ይቅር ማለት የእኔ ሳይሆን የእናቴ ነው። ሰማዩ ላይ ግን ሦስቱም አንድ ነጥብ ነበሩ።

ካርታው ጥቅም የለውም አልልም። ቻርታችሁን ብታወጡ ከልካይ የለም። አንብባችሁ ስታለቅሱ ግን እዚያው አትቁሙ፤ ያስለቀሳችሁን መስመር ወስዳችሁ ባለቤት ስጡት። ማን? መቼ? ምን አደረገ? ምናልባት መልሱ ማንም ይሆናል፤ በሽታ፣ ድንገተኛ ሞት፣ ድርቅ። ያኔ "አመመኝ" እውነተኛው ቃል ነው። ሰው ካለበት ግን ሰው አለበት።

ለእናቴ ስለ አፑ ነግሬያታለሁ። "እና ምን አለሽ?" አለችኝ። ካንቺ ጋር የተያያዘ ቁስል አለብሽ አለኝ አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"ይህንን ለማወቅ ሰዓቱን ምን አስፈለገሽ?" አለች።